«እናስብበት» የማይል እምቢታ፦ ሳንጠይቀው ለጻፈልን ሻጭ የአንድ መስመር መልስ

የሎጅ አስተዳዳሪ፦ ጣና ዳር ያለን ትንሽ ሎጅ ነው። የክፍል ማስያዣ ሶፍትዌር የሚሸጥ ልጅ በቴሌግራም ጻፈልኝና «ጥምቀት ስለደረሰ ሥራ በዝቶብናል፣ እናስብበት» አልኩት። በዓሉ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ። ምን ልበለው?

መላሽ፦ ልጁ በነገሩት መሠረት ነው የመጣው። ባሕር ዳር ውስጥ ሰው ፊት ለፊት «እናስብበት» ሲባል እምቢታ መሆኑ ከድምፁና ከፊቱ ይገባዋል። በጽሑፍ ግን ድምፅም ፊትም የለም። ሻጩ «ጥምቀት» የምትለውን ቃል ቀጠሮ አድርጎ መዝግቧታል። አሁን ይህን ይላኩለት፦

«ጤና ይስጥልኝ፤ ስላሰቡን እናመሰግናለን፤ የማስያዣ ሶፍትዌር ስለማንገዛ ከዝርዝርዎ ያውጡን፤ መልካም ሥራ።»

ምስጋናው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ከተደጋገመ ይሉኝታ ይመስልና ሻጩ ይበረታታል። «ስለማንገዛ» ቁርጥ ያለ ነው፣ ጊዜ አልተጠቀሰበትም። «ለጊዜው» ወይም «ዘንድሮ» ከገባበት በሩ ገርበብ ብሎ ቀረ ማለት ነው። «ከዝርዝርዎ ያውጡን» ደግሞ ሻጩ የሚሠራው ሥራ ይሰጠዋል፦ ስማችሁን ሰርዞ ወደ ሌላው ይሄዳል። «መልካም ሥራ» መሰናበቻ ስለሆነ ከሱ በኋላ የሚጠበቅ ነገር የለም።

ምክንያት እንዳይጨምሩ አደራ። «ተወደደብን» ካሉ ቅናሽ ይመጣል። «ባለቤቱ የለም» ካሉ የባለቤቱ ስልክ ይጠየቃል። «ሌላ አለን» ካሉ «ውላችሁ መቼ ያልቃል?» ይከተላል። ምክንያቱ እውነት ቢሆንም ለሻጩ መያዣ ነው።

አጠራሩንም ይጠንቀቁ። ልጁ በዕድሜ ቢያንስዎትም «እርስዎ» ይበሉት። «አንተ» ወይም «ወንድሜ» ካሉት ተቀራርባችኋል፤ ለተቀራረቡት ሰው እምቢ ማለት ደግሞ ይከብዳል።

የጀልባ ማኅበር ጸሐፊ፦ ዝምታን የመሰለ መድኃኒት የለም። መልስ ከሰጠኸው አድራሻው የሚሠራ መሆኑን አወቀ ማለት ነው፣ ከዚያ በኋላ መከራህን ነው የሚያበላህ።

መላሽ፦ ይህ ለሺህ ሰው በጅምላ ለተበተነ መልእክት እውነት ነው። ስምዎን ካልጠራ፣ ስለ ጀልባዎቻችሁ አንድም ነገር ካላወቀ፣ ሊንክ ብቻ ካስቀመጠ ምንም ሳይመልሱ ያግዱት። «ወደ ዘጌ ለሚሄዱት ጀልባዎቻችሁ የትኬት ማሽን ያስፈልጋችኋል» ብሎ የጻፈ ግን ለእናንተ ብሎ ነው የጻፈው። ለእንዲህ ዓይነቱ ዝም ሲሉት «አላየውም ይሆናል» ብሎ በየጥቂት ቀኑ ይደግማል። ኢሜይል የሚልኩት ብዙ ጊዜ ተከታዮቹን መልእክቶች አስቀድመው አዘጋጅተው በፕሮግራም ነው፤ በአብዛኞቹም ፕሮግራሞች ላይ የተቀባዩ መልስ ሲደርስ ቀሪዎቹ ይቆማሉ። ስለዚህ እዚህ ላይ አንዷ መስመር ከዝምታ ትሻላለች።

የማቀዝቀዣ ነጋዴ፦ እኔ ለዓሣ ነጋዴዎች ማቀዝቀዣ እሸጣለሁ። እንዲህ ብሎ የመለሰልኝን ሰው በምን ላሳምነው?

መላሽ፦ ጥያቄው ከሌላው ወገን ነው፣ ቢሆንም ይጠቅማል። አያሳምኑት። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብለው ስሙን ይሰርዙ። በጽሑፍ እምቢ ያለ ሰው እንደገና ሲጻፍለት ቁጥርዎን ያግዳል፣ አንድ ቀን ማቀዝቀዣው ቢበላሽበት እንኳ እርስዎን ማግኘት አይችልም።

የሎጅ አስተዳዳሪ፦ አሁኑኑ ላክሁለት። «ምክንያቱን ብቻ ቢነግሩኝ ለሥራዬ ይጠቅመኛል» ብሎ መለሰ። ዝም ማለት ነውር አይሆንም?

መላሽ፦ አይሆንም። ምስጋናውም መሰናበቻውም ደርሶታል። ሁለተኛ መልስ ከሰጡት ያቺ የመጀመሪያዋ መስመር ፈረሰች፣ ጭውውቱ እንደገና ተጀመረ። ሌላ መልእክት ከመጣ ያለ ማስጠንቀቂያ ያግዱት።

የምግብ ቤት ባለቤት፦ ይህ ሁሉ ለማያውቁት ሰው ነው። የሚጽፍልኝ የአክስቴ ልጅ ቢሆንስ? «ከዝርዝርህ አውጣኝ» ብለው ቤተሰብ ይጣላል።

መላሽ፦ ለዘመድ ያቺ መስመር አትሆንም፣ ትቀዘቅዛለች። ደውለው ጤንነቱን ከጠየቁ በኋላ «ዕቃውን አልወስድም፣ በዚህ ቅር እንዳትል» ይበሉት።

የጀልባ ማኅበር ጸሐፊ፦ እዚህ ላይ አልስማማም። ስልክ ላይ ዘመድ ያሸንፍሃል። እኔ ብሆን በጽሑፍ መልሼ፣ ቅዳሜ ቡና ላይ እጠራዋለሁ።

የምግብ ቤት ባለቤት፦ ቡናው ላይ ዕቃውን ይዞ ቢመጣስ?