ሶሉ እንደ ደረቅ ዳቦ ለምን ተፈረፈረ?

«ጅማ ውስጥ ጋራዥ ነው የምሠራው። ወንድሜ ያመጣልኝን ሴፍቲ ጫማ ሁለት ዓመት ያህል ካርቶኑ ውስጥ አስቀምጬው ነበር። ባለፈው ወር አውጥቼ ማድረግ በጀመርኩ በሳምንቱ ሶሉ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። ምን ዓይነት ሶል ላስገባለት? የልጄ የትምህርት ቤት ጫማ ደግሞ ፎም ነው። ቶሎ ያልቃል፣ ዝናብ ሲሆን ያንሸራትተዋል። ለእሱስ ምን ይሻላል?»

ወንድሜ፣ እንዲህ የሚፈረፈር ሶል ፖሊዩሬቴን ነው፤ ገበያ ላይ ፒዩ የምንለው። ጎማ ሲያረጅ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል እንጂ ፍርፋሪ አይሆንም። ፒዩን የሚበላው እርጥበት ነው። በአየር ላይ ያለው እርጥበት ቀስ እያለ ይገባና ውስጡን ያያያዘውን ይፈታዋል። ሙቀት ሲጨመርበት ይፈጥናል። የጅማን ክረምት ታውቀዋለህ፤ ግድግዳ የሚያሻግት እርጥበት ለካርቶን አይመለስም። ጫማው ባይረገጥም ሶሉ እያረጀ ነበር።

ፒዩ ግን መጥፎ አይደለም። ቀላል ነው፣ ቶሎ አያልቅም፣ የሞተር ዘይትንም በደንብ ይችላል። በገዛኸው ቀን ጀምረህ የምታደርገው ከሆነ ለጋራዥ ይሆናል። ስትገዛ ሶሉን ገልብጥ። ብዙ ሴፍቲ ጫማ ላይ ቀስት ያለበት ክብ ምልክት አለ፤ ቀስቱ የተሠራበትን ወር ያሳያል፣ ዓመቱም እዚያው ይጻፋል። ሁለት ዓመት ካለፈው እኔ አልገዛውም። ቀን ከሌለው ተረከዙን በአውራ ጣት ጥፍርህ ጫን በለው። ከተጣበቀብህ ወይም ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ካሳየህ ተወው።

አሁን ላለህ ጫማ የምመክርህ ጎማ ነው፤ ግን ጎማ ሁሉ አንድ አይደለም። ከዓመታት በፊት ለአንድ መካኒክ ጥሩ የሚመስል ተራ ጎማ ለጠፍኩለት። ጥቂት ወራት ቆይቶ ተመለሰ። የሶሉ ጠርዝ እንደ እንጉዳይ አብጦ ከቆዳው ተላቋል። በጥፍሬ ስጭረው እንደ ላጲስ ተነሳ። ዘይትና ናፍጣ ጎማው ውስጥ ገብተው ነው ያሳበጡት። የመኪና ጎማም ያው ነው። በረባሶ ድንጋይ ላይ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ዘይት ውስጥ ከዋለ ግን ይለሰልሳል።

ለአንተ የሚሆነው ናይትራይል የሚባለው ጎማ ነው። አንዳንዱ ላይ ኤን ቢ አር ተብሎ ይታተማል። ሻጩ «ዘይት አይነካውም» ቢልህም ራስህ ፈትነው። ከሶሉ ቁራጭ እንዲሰጥህ ጠይቀው። ለሁለት እኩል ቁረጠውና አንዱን ወረቀት ላይ አስቀምጠህ ዙሪያውን በእስክሪብቶ ንደፈው። እሱኑ የጠርሙስ ክዳን ውስጥ ናፍጣ አድርገህ ንከረው፣ ሌላውን ደረቅ ተወው። በማግስቱ ጠርገህ ንድፉ ላይ መልሰው። ከመስመሩ ካለፈ ወይም ከደረቁ ይልቅ ከለሰለሰ ለጋራዥ አይሆንም።

አንድ ነገር ግን አትሳት። ዘይት የማይጎዳው ሶል ዘይት ላይ አያንሸራትትም ማለት አይደለም። ናይትራይልም ቢሆን ጥርሱ ካለቀ ዘይት የፈሰሰበት ሊሾ ላይ ይጥልሃል። ጥርሱ ጥልቅ፣ በመሀሉ ያለው መንገድ እስከ ጠርዝ የሚወጣ ይሁን፤ ዘይቱ የሚሸሽበት ያገኛል።

ለጫማ ሰፊው ስትሰጠው የድሮው ፒዩ ትንሽ እንኳ ሳይቀር ተፍቆ እንዲወጣ ንገረው። ማስቲሽ በሚፈረፈር ነገር ላይ ቢቀባ አብሮ ነው የሚነሳው። ቆዳው ዘይት ጠጥቶ ከሆነም አይዝም፤ ያኔ አዲስ ጫማ ይሻልሃል። ደህና ከሆነ ሁለቱም ወገን በአሸዋ ወረቀት ይሻከር፣ ማስቲሹ በሁለቱም ላይ ይቀባ፣ ሲነኩት እጅ የማይዝ እስኪሆን ይጠብቅና ይጫን። ከዚያ ዙሪያውን በክር ይሰፋ። ለመካኒክ በማስቲሽ ብቻ ሠርቼ አልሰጥም። አንድ ቀን ሙሉ ሳታደርገው ይደር።

የልጅህ ነገር ቀላል ነው። ፎም ለእግር ይመቻል፣ መሬት መንካት ግን የሱ ሥራ አይደለም። ከጣቶቹ ሥር ያለው ቦታ ቶሎ ይደፈጠጣል፣ ይለሰልሳል፣ እርጥብ ሴራሚክ ላይም አይጨብጥም። ፎሙ መሀል ሆኖ ከታች ሦስት ወይም አራት ሚሊ ሜትር ጎማ ያለውን ፈልግለት። የልጅ ጫማ ዘይት ስለማያገኘው ተራ ጎማ ይበቃዋል። ጥርሱ ግን ራቅ ራቅ ያለ ይሁን። የተጠጋጋ ጥርስ የጅማ ቀይ ጭቃ ይሞላውና ልሙጥ ይሆናል። አሁን ባለው ፎም ላይ ጎማ ላስለጥፍ ካልክ ሰፊው መጀመሪያ ለፎም የሚሆን ፕራይመር እንዳለው ጠይቀው። ያለሱ ማስቲሹ ፎሙን በደንብ ስለማይዝ በጥቂት ቀን ይላቀቃል።