የማጽናኛ መልእክት ስናስተካክል

«የአንድ ባልደረባችን እናት አርፈውበታል። የሥራ ባልደረቦቹ የጻፉትን የማጽናኛ መልእክት አስተካክዬ በቅርብ ኃላፊው በኩል እንዲደርሰው እንዳደርግ ተመድቤአለሁ። አብዛኞቹ ረዣዥምና ተመሳሳይ ናቸው። እንዴት ላሳጥራቸው?»

እኔም እዚሁ ባሕር ዳር በምሠራበት ክፍል ይህን ኃላፊነት ደጋግሜ ተቀብያለሁ። ከሁሉ አስቀድመው መርዶው ለባልደረባዎ መነገሩን ያረጋግጡ። በተለይ ለመስክ ሥራ ወጥቶ ከሆነ፣ ቤተ ዘመድ በማለዳ ሊያረዳው እያሰበ ሳለ በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ያለ ወረቀት ቀድሞ ሊደርሰው ይችላል።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአንድ ምሳሌ ላሳይዎት። አንድ ባልደረባችን እንዲህ ጽፎ ነበር፦ «የእናትህን ሞት ስሰማ ሰማይ የተደፋብኝ ያህል ነው የተሰማኝ፤ በስኳር ሕመም ብዙ ስለተሰቃየች አሁን አረፈች፤ ሞት ለማንም አይቀርም፤ ሪፖርቱን እኛ ስለምንጨርሰው አታስብ።»

ሰውየው ከልቡ አዝኖ እንደነበር አውቃለሁ፤ ጽሑፉ ግን ኃዘኑን አላሳየለትም። የሕመሙ ነገር የቤተሰቡ ምሥጢር ስለሆነ፣ ኃላፊው በሚያነበው ወረቀት ላይ መስፈር የለበትም። «ከሥቃይ አረፈች» ማለትም ሲያስታምሙ የከረሙ ልጆች ቢሉት እንጂ ከውጭ ሲመጣ ይከብዳል። የሪፖርቱ ጉዳይ መልካም ሐሳብ ቢሆንም፣ መልእክቱን ለአለቃ የተጻፈ ስለሚያስመስለው ለኃላፊው በቃል ቢነገር ይሻላል። እናትየውንም «አንቺ» እንደሚባል ሰው መጥራቱ፣ በኃዘን ላይ ያለ ጆሮ ቶሎ የሚይዘው ጉድለት ነው።

በራሴ ቃል አልተካሁለትም። «እናቱን ታውቃቸው ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት፤ አንድ ጊዜ በጀልባ ዘጌ ቤታቸው ሄዶ ቡና እንዳፈሉለትና ሲሰናበት ከጓሯቸው ሎሚ ቀጥፈው በፌስታል እንዳስያዙት ነገረኝ። ከዚህ የወጣውና እሱም አንብቦ የተስማማበት ይህ ነው፦

«ወንድሜ፣ የእናትህን ዕረፍት ስሰማ እጅግ አዘንሁ። ዘጌ የመጣሁ ጊዜ ቡና አጠጥተው፣ ከጓሯቸው የቀጠፉትን ሎሚ ያስያዙኝን አልረሳም። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማር፤ አንተንና ቤተሰቡን ያጽናችሁ።»

ሟቿን ለማያውቅ ሰው የመጀመሪያውና የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል፤ ያላየውን ትዝታ አይጨምሩለት። ኀዘንተኛው ሙስሊም ከሆነ «አላህ ይዘንላቸው፤ ሶብሩን ይስጣችሁ» የሚለው ተገቢ ነው። ባልደረባዎ በዕድሜ ከገፉ ደግሞ፣ በቢሮ «አንተ» የሚላቸው ሰው እንኳ በዚህ ወረቀት ላይ በአክብሮት እንዲጽፍ ይንገሩት።

ለኃላፊው ሲሰጡ መልእክቶቹን ከየጸሐፊው ስም ጋር በአንድ ፖስታ ያድርጉና፣ ለኀዘንተኛው በእጁ እንዲሰጡልዎት፣ በስብሰባም እንዳይነበቡ በአንድ መስመር ይጠይቁ።