መመሳሰል ብቻውን አይበቃም

«ጋሼ፣ ባሕር ዳር ሥነ ልሳን የምማር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ማስተርሴን በቋንቋ ታሪክ ብይዘው ደስ ይለኛል። ጓደኞቼ ግን ‹ሁለት ቃል ይመሳሰላል ማለት ደግሞ ምን ሙያ ነው?› ይሉኛል። አያቴ ፀሐይን ‹ጠሐይ› ነው የምትላት። ከዚህ ተነስቼ ጥናት ብጀምር ያዋጣል? ሥራውስ በተግባር ምን ይመስላል?»

እኅቴ፣ ጓደኞችሽ የሳቱት አንድ ነገር ነው። ባለሙያው የሚፈልገው መመሳሰልን አይደለም። ቃላቱ የሚለያዩበት መንገድ ደንብ ያለው መሆን አለመሆኑን ነው የሚያየው። ይህን ሥራ መውደድ አለመውደድሽን ደግሞ በአንድ ከሰዓት ማወቅ ትችያለሽ።

ዶርም ውስጥ ትግርኛ አፏን የፈታች ጓደኛ ካለችሽ ደብተር ይዛችሁ ሐይቁ ዳር ቁጭ በሉ። በአንድ ረድፍ የእሷን፣ በሌላው የአንቺን ጻፊ። እሷ ጸልአ ስትል አንቺ ጠላ ትያለሽ። ጸምአ ስትል ጠማ፣ ጸገበ ስትል ጠገበ፣ መጽአ ስትል መጣ። አንድ ጥንድ ብቻ ቢሆን በአጋጣሚ ነው ሊባል ይችላል። አራቱም ላይ ግን የእሷ ጸ ያንቺ ጠ ነው። ባለሙያዎች የድምፅ ተዛምዶ የሚሉት ይህንን ነው።

አሁን የቃሉን መጨረሻ እይው። ጸልአ፣ ጸምአ፣ መጽአ በጉሮሮ ድምፅ ያልቃሉ፤ የአማርኛዎቹ ጉሮሮውን ጥለውታል። በልዐ በላ፣ ሰምዐ ሰማ፣ ፈልሐ ፈላ የሆኑትም በዚሁ ነው። ጠላ ውስጥ ሁለቱም ደንቦች አንድ ላይ ሠርተዋል። ቋንቋዎችን አንድ ቤተሰብ የሚያሰኘው እንዲህ ያለ እርስ በርሱ የተያያዘ ደንብ ነው።

እኔ በጣም የምወደው ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ነው፤ ማን ለወጠ? የአማርኛው ጠ ነው ወይስ የትግርኛው ጸ ቀድሞ የነበረው? መልሱ ሌሎች ቃላት ውስጥ አለ። ትግርኛ ጠፍአ ሲል አማርኛም ጠፋ ይላል። ጠዓመ ሲል ጣመ ይላል። እዚህ ሁለቱም ጋ ጠ ነው። እንግዲህ ትግርኛ ጠን ወደ ጸ ለውጦ ቢሆን ኖሮ ጠፍአም ጸፍአ በሆነ ነበር። አልሆነም። ስለዚህ ጥንት ሁለት የተለያዩ ድምፆች ነበሩ፤ ትግርኛ ለየብቻ አቆያቸው፣ አማርኛ ወደ አንድ ጠቀለላቸው። ዕብራይስጥ ሦስተኛ ምስክር ሆኖ ይመጣል፤ የተጠማን ሰው ጻሜ ይላል፣ መቅመስን ደግሞ ጣዓም። እሱም ለይቷቸዋል። ይህ ማለት ግን አማርኛ ከትግርኛ ወጣ ማለት አይደለም። በሌላ በኩል ሌላ ድምፅ ላይ የለወጠው ትግርኛ የሆነበት ቃልም ታገኛለሽ። እኅትማማቾች ናቸው።

ወደ አያትሽ «ጠሐይ» ልምጣ። እኔም ተማሪ ሳለሁ ይህችኑ ቃል ይዤ ሄጄ መምህሬ መልሶኛል። ምክንያቱም የገጠር ሰው ጸሎትንም «ጠሎት»፣ ጾምንም «ጦም» ይላል። እነዚህ ከግእዝ በቤተ ክርስቲያን በኩል ዘግይተው የገቡ፣ በአፍ ልማድ የተለወጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ቃሉ የተወረሰ ይሁን የተዋሰ በ«ጠሐይ» ብቻ አይለይም። መጣ፣ ጠላና ጠገበ የተሻሉ ምስክሮች የሆኑት ሰው በየቀኑ የሚናገራቸው ግሶች ስለሆኑ ነው፤ እንዲህ ያለ ቃል ከሌላ ቋንቋ የሚዋሰው ከስንት አንዴ ነው።

ጀማሪ የሚወድቅበት ጉድጓድም ይኸው ነው። ሁለት ቃላት ቁርጥ አንድ ዓይነት ሲሆኑ ደስ ይለናል። በደንቡ መሠረት መለወጥ ሲገባው ያልተለወጠ ቃል ግን የሚያሳየው መዋስን ነው። ከባሕር ዳር ወደ እንጅባራ ስትሄጂ አዊኛ ትሰሚያለሽ። አዊኛ የአገው፣ ማለትም የኩሽ ቋንቋ ነው። አማርኛና ትግርኛ ሴማዊ ናቸው። አዊኛና አማርኛ ለዘመናት ጎን ለጎን ስለኖሩ ቃል ተለዋውጠዋል። የጋራ ቃላቸውን ብቻ ቆጥረሽ የቅርብ ዘመድ ናቸው ብትዪ ትሳሳቻለሽ። ሁለቱን በሩቁ የሚያገናኛቸው አፍሮ እስያዊ የሚባለው ትልቁ ቤተሰብ ነው፤ እዚያ ድረስ የሚወስዱት ተዛምዶዎች ደግሞ ጥቂትና አከራካሪ ናቸው።

ስለ እንጀራው ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ። «የቋንቋ ታሪክ ባለሙያ ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ እምብዛም አታዪም። ይህን የተማረ ሰው ዩኒቨርሲቲ ያስተምራል፣ መዝገበ ቃላት ያዘጋጃል፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋ የመማሪያ መጻሕፍት ሥራ ውስጥ ይገባል። ለሁሉም የሚያስፈልግሽ የሠለጠነ ጆሮ ነው። ስለዚህ ማስተርስ ከማመልከትሽ በፊት የድምፅ ትምህርትሽን አጥብቀሽ ያዢ፤ የሰማሽውን እንጂ ፊደሉ የሚልሽን አትጻፊ። አማርኛ ሲጻፍ ጸና ፀን፣ ሐና ኀን ስለሚያቆይ ዓይንሽ ጆሮሽን ያታልለዋል።

ከጓደኛሽ ጋር ለምትሠሪው ሠንጠረዥ 100 ቃል ይበቃሻል፦ የሰውነት ክፍሎች፣ ቁጥሮች፣ መብላት፣ መጠጣት፣ መምጣት የመሳሰሉት። ሠንጠረዡን ስትጨርሺ ከደንቡ ያፈነገጡትን ቃላት በቀይ አስምሪባቸው። ከዚያ በየአንዳንዱ ላይ «ለምን?» እያልሽ ሁለት ሰዓት መቀመጥ ካልሰለቸሽ አመልክቺ።