ሞመንተምን ፊት አድርግ፣ አልፋውን ይዘህ ግባ

«ሰላም የግሩፑ አባላት። ሀዋሳ ፋይናንስ ማስተርስ ላይ ነኝ። የትናንሽ ኩባንያዎች፣ የርካሽ አክሲዮኖችና የሞመንተም ትርፍ ካፕምን ውድቅ ያደርጋል ብዬ ልከራከር? ሦስቱንም እኩል ልያዝ?»

ወንድሜ፣ እኔም እዚሁ ሀዋሳ በዚሁ ርዕስ ነው የተመረቅኩት። እኩል አትያዛቸው።

1. «ትናንሾቹ የበለጠ አተረፉ» ማለት ብቻውን ካፕምን አይነካውም። ቤታው፣ ማለትም ከገበያው ጋር የመዋዠቅ መጠኑ፣ ከፍ ያለ አክሲዮን የበለጠ ያተርፋል የሚለው ሞዴል ራሱ ካፕም ነው፤ የትናንሾቹ ቤታ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ያለ ነው። ለምሳሌ ከስጋት ነፃ የሆነው ወለድ 4 በመቶ፣ ገበያው ከዚያ በላይ የሚከፍለው 6 በመቶ ይሁን። ቤታው 1.4 የሆነ ስብስብ 12.4 በመቶ ይጠበቅበታል። 14 ካመጣ ማስረጃህ 1.6 ብቻ ናት፤ አልፋ ማለት እሷ ናት። የትናንሾቹ ብልጫ በብዛት በጃንዋሪ ወር የተከማቸ መሆኑንም ፈታኝ ያነሳብሃል። ርካሾቹ፣ ማለትም ዋጋቸው ከመዝገብ ዋጋቸው አንፃር ዝቅ ያሉት፣ ከዚህ ይሻላሉ።

2. ሞመንተም ላይ ግን፣ ማለትም በቅርቡ የወጡት መውጣታቸውን፣ የወደቁት መውደቃቸውን ሲቀጥሉ፣ ቤታ መጠጊያ አይሆንም። ጀጋዲሽና ቲትማን እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ጥናት፣ ያለፉትን 6 ወራት አሸናፊዎች ገዝቶ ተሸናፊዎቹን በመሸጥ 6 ወር መያዝ በዓመት 12 በመቶ ገደማ አስገኝቷል። የተሸናፊዎቹ ቤታ ግን ከአሸናፊዎቹ በትንሹ ይበልጣል! በካፕም ሂሳብ የበለጠ ማትረፍ የነበረባቸው ተሸናፊዎቹ ናቸው። ፋማና ፍሬንችም በ1996 በሦስት ፋክተሮቻቸው፣ በገበያ፣ በኩባንያ መጠንና በርካሽነት፣ ሌላውን ብዙ ነገር ሲያስረዱ ይህን አልቻሉም።

3. የአሜሪካ አክሲዮኖችን ዳታ ከኬነት ፍሬንች ድረ ገጽ በነፃ አውርድ፦ `10 Portfolios Formed on Momentum` እና `F-F_Research_Data_Factors`። `-99.99` ያለበት ቦታ ዳታ የለም ማለት ነው፤ እንደ ትርፍ እንዳይገባብህ። እዚህ ላይ ነው እኔን ያንገላቱኝ። አንድ ቢሮ «የኢትዮጵያ ዳታ ካልሆነ አንፈርምም» ብሎ ፋይሌን ጠረጴዛ ላይ ወርውሮ አስቀመጠው፣ ቀና ብሎም አላየኝም። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ያኔ አልተከፈተም ነበር፤ የተከፈተው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው። ለሞመንተም የብዙ ዓመት ወርኃዊ ዋጋ ያስፈልጋል፤ ከየት ይምጣ? ይህንን በአንድ ገጽ ጽፌ አስገባሁና ፈረሙ። አንተም እንዲህ ያለ ገጽ ጽፈህ ከፕሮፖዛሉ ጋር አያይዘው።

የመመረቂያ ጽሑፌን ስከላከል «እ.ኤ.አ. በ2009 ሞመንተም ለምን ወደቀ?» ተባልኩ፤ ተዘጋጅቼበት ስለነበር እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። ገበያው ወድቆ ሲያበቃ ተሸናፊዎቹ ቤታቸው በጣም ከፍ ያሉት ናቸው፤ ከማርች ጀምሮ ገበያው ሲያገግም እነሱ ተፈናጠሩ፣ እነሱን የሸጠ ሁሉ ከሰረ። ስለዚህ የ36 ወር ተንሸራታች ቤታ ሠርተህ ግራፉን አስገባ። የቤታው መለዋወጥ ውድቀቱን ያስረዳል፣ አማካይ ትርፉን ግን አያጠፋውም።

መደምደሚያህ ላይ «ካፕም ውድቅ ሆነ» አትበል። ሪቻርድ ሮል እ.ኤ.አ. በ1977 እንዳሳየው እውነተኛው ገበያ ሀብትን ሁሉ ስለሚያካትት አይለካም። «የአክሲዮን ኢንዴክስን እንደ ገበያ ስንወስድ አንድ ፋክተር ሞመንተምን አያስረዳም» ብለህ ጻፍ፤ እኔን ያሳለፈኝ ይህ ዓረፍተ ነገር ነው።