«በፈቃዴ ለቅቄያለሁ» ብለው ከመፈረምዎ በፊት

ጥያቄ፦ ገላን ባለ የፕላስቲክ ፋብሪካ 7 ዓመት ከ6 ወር ሠርቻለሁ። ስቀጠር ደመወዜ 2,400 ብር ነበር፤ አሁን 9,000 ደርሷል። 1,200 ብር የትራንስፖርት አበልም አለኝ። ሥራ ቀዝቅዟል ተብሎ ከ200 ሠራተኛ 40 ሊወጣ ነው። የአስተዳደር ኃላፊው «በፈቃዴ ለቅቄያለሁ ብለህ ፈርም፣ 22,000 ብር እንሰጥሃለን» አለኝ። እኔ ደግሞ 9,000ን በ7 ዓመት ተኩል ሳባዛው 67,500 ይመጣል። ልኩ የማን ነው?

መልስ፦ የሁለታችሁም አይደለም። የስንብት ክፍያ ሲሰላ በየዓመቱ የአንድ ወር ደመወዝ ይከፈላል የሚለው ወሬ ብዙ ሰው ያሳስታል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 40 መሠረት ሙሉ የአንድ ወር ደመወዝ የሚታሰበው ለመጀመሪያው ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ላለው እያንዳንዱ ዓመት የዚያ ገንዘብ ሲሶ ይጨመራል። ጣሪያው የ12 ወር ደመወዝ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ግን 34 ዓመት መሥራት ያስፈልጋል!

መነሻው የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ተባዝቶ ነው። ስለዚህ 2,400ዋን ይርሷት፤ የሚያዘው ግብር ሳይቆረጥ ያለው 9,000 ነው። የትራንስፖርት አበሉ በአዋጁ ደመወዝ ስላልሆነ አይገባም።

የመጀመሪያው ዓመት 9,000 ብር ነው። የ9,000 ሲሶ 3,000 ነው። ቀሪው 6 ዓመት ተኩል በ3,000 ሲባዛ 19,500 ይሆናል። ድምሩ 28,500 ብር፣ ግብር ሳይነሳለት። ከ5 ዓመት በላይ ስላገለገሉ፣ ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የማገልገል ግዴታ ከሌለብዎት፣ በራስዎ ፈቃድ ቢለቁ እንኳ ይህ ገንዘብ ይገባዎታል። ኃላፊው 22,000 ሲልዎ እንደ ችሮታ አይቁጠሩት።

ትልቁ ነገር ግን ፊርማው ላይ ነው። ከ200 ሠራተኛ 40 ሲወጣ 20 በመቶ ነው። አዋጁ የሠራተኛ ቅነሳ የሚለው 10 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። በቅነሳ የሚሰናበት ሠራተኛ ከስንብት ክፍያው ሌላ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርለታል። የእርስዎ 18,000 ብር ነው፤ በድምሩ 46,500። የሁለት ወር ማስጠንቀቂያም ይገባዎታል። «በፈቃዴ» ብለው ከፈረሙ 18,000ውም ማስጠንቀቂያውም ይቀራል፤ ጭራሽ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጪው እርስዎ ይሆናሉ። ኋላ «ተገድጄ ነው» ብሎ ማስረዳት ደግሞ ቀላል አይደለም።

ስለዚህ አይፈርሙ። ምክንያቱ «ቅነሳ» ተብሎ የተጻፈ የስንብት ደብዳቤ ይጠይቁ። የቅጥር ደብዳቤዎንና የመጨረሻውን የደመወዝ ወረቀት ኮፒ አድርገው ቤት ያስቀምጡ። የድርጅቱ ዕቃ በእጅዎ ካለ ቶሎ አስረክበው ክሊራንስዎን ይጨርሱ፤ ማስረከቡን ካዘገዩ ክፍያውም ይዘገያል። ካልሆነ ግን ውሉ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። አሠሪዎቹ ያለ በቂ ምክንያት ካዘገዩት ፍርድ ቤቱ እስከ 3 ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ሊያስከፍላቸው ይችላል።

«ዛሬ ነገ» እያሉ ቢያመላልሱዎ ብዙ አይታገሡ። ከሥራ ውል መቋረጥ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ይርጋ ይታገዳል፤ ክሱ ከዚያ በፊት ለሥራ ክርክር ችሎት መግባት አለበት።