ከእጥፋቱ ሥር የቀረው ጭራ

ባለፈው ሳምንት ሩሲያኛ የሚማር አንድ ወጣት ጻፈልኝ። «ጋሼ፣ አንድ ቤተሰብ የድሮ ደብዳቤ በስልክ አንስተው እንድተረጉምላቸው ላኩልኝ። የእጅ ጽሑፍ ነው። አንድ ቃል አልነበብ አለኝ። ግን ከፊትና ከኋላ ካለው ሐሳብ ምን እንደሆነ ይገባኛል። ገምቼ ብሞላው ችግር አለው?»

በአንድ መስመር ልመልስለት ስልኬን አነሳሁ። ከዚያ መልሼ አስቀመጥኩት። ይህን ጥያቄ እኔም ራሴን ጠይቄው አውቃለሁ። ያኔ «ችግር የለውም» ብዬ ነው የመለስኩት። ስለዚህ ለእሱም፣ እንደ እሱ ትርጉም ለጀመራችሁ ሁሉ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

2001 ዓ.ም. ነበር። ጥቅምት። አንዲት ወጣት ቢሮዬ መጣች። አባቷ በወጣትነቱ ሶቪየት ኅብረት የተማረ ሰው ነበር። ሲሞት ዕቃው መሃል አንድ ደብዳቤ ተገኘ። እዚያ ከወለደው ልጁ እናት የመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 የተጻፈ። ወንድም እንዳላት ያወቀችው በልቅሶው ሰሞን ነው። ደብዳቤው ደሴ፣ አክስቷ እጅ ነው። አክስቷ ከወንድማቸው የቀረችውን ወረቀት ለማንም አሳልፈው አልሰጥ አሉ። የአክስቷ ልጅ ጉልበቱ ላይ አድርጎ በስልክ አነሳላት። ያመጣችልኝ ያንን ነው። ሁለት ገጽ፣ ሁለት ፎቶ።

ሩሲያኛ በእጅ ሲጻፍ መጽሐፍ ላይ የምታዩትን ፊደል አይመስልም። «ት» የእንግሊዝኛውን ትንሹን ኤም ትሆናለች። «ድ» ጂ፣ «ኢ» ዩ፣ «ፕ» ደግሞ ኤን። ይህ በሳምንት ይለመዳል። የማይለመደው ዘንጉ፣ ፊደሏን የሚሠራው ቀጥ ብሎ የሚወርደው ጭረት ነው። «ኢ» ሁለት ዘንግ አላት፣ «ል» ሁለት፣ «ም» ሦስት፣ «ሽ» ሦስት። ሁሉም ቁመታቸው አንድ ነው። ሁሉም ይያያዛሉ። «ሽ» እና «ኢ» ጎን ለጎን ሲመጡ አምስት ተመሳሳይ ዘንጎች ብቻ ነው የሚታያችሁ፣ የት ላይ እንደሚቆረጥ የሚነግራችሁ የለም። ለዚህ ነው አንዳንድ ጸሐፊዎች ከ«ሽ» ሥር አጭር መስመር የሚያሰምሩት፣ ከ«ት» በላይ ደግሞ ሌላ መስመር። አንባቢውን ለመርዳት ነው። ይህችን ከ«ሽ» ሥር የምትሰመር መስመር ያዙልኝ።

1976 ዓ.ም. ቮሮኔዥ የቋንቋ መሰናዶ ዓመት ላይ ሳለን፣ አጠገቤ የሚቀመጥ አንድ የመናዊ ነበር። መምህራችን ሰሌዳው ላይ በእጅ ጽሑፍ ስትጽፍ እኛ ኢትዮጵያውያን እንደናገጣለን፣ እሱ ያነባል። ከእኛ የበለጠ ሩሲያኛ ስለሚያውቅ አልነበረም። ዐረብኛ ተያይዞ የሚጻፍ ነውና ዓይኑ የቃሉን ቅርጽ በሙሉ ማየት ለምዷል። የእኛ ፊደል እያንዳንዱ ለብቻው ይቆማል። ዓይናችን የሚፈልገው አንድ በአንድ ነው። ቅጥልጥል ጽሑፍ ሲገጥመን መቁረጫ ቦታ እንፈልጋለን፣ ካጣን ራሳችን እንፈጥራለን። የአሁን ልጆች ደግሞ በእጃችሁ መጻፍ ትታችኋል። አማርኛውንም በስልክ ነው የምትጽፉት። የሌላውን ሰው እጅ ማንበብ የሚጀምረው ከገዛ እጅ ነው፤ ይህን ስል እንደ ሽማግሌ ወቀሳ አትዩብኝ።

ወደ ደብዳቤው ልመለስ። የሴትየዋ እጅ ጥሩ ነው፣ ዘንበል ያለና እኩል። አንደኛው ገጽ ሳይቸግረኝ አለቀ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ወረቀቱ መሃሉ ላይ ታጥፎ ኖሮ እጥፋቱ በደንብ አልተዘረጋም። ከእጥፋቱ በላይ ያለው መስመር መጨረሻ ላይ በሩሲያኛ «ልጃችን» የሚሉት ሁለት ቃላት አሉ። ቀጣዩ መስመር እጥፋቱ ጠርዝ ላይ ያረፈ ነው። የመጀመሪያው ቃል አልነበብ አለኝ። ሁለተኛው «በጸደይ» ይላል። ከዚያ ሌላ ዓረፍተ ነገር። «አሁን ከአያቱ ጎን ነው።»

ቃሉን አጎላሁት። መጀመሪያ ላይ ጭራዋ የተቆረጠ ፊደል አለች። ሌላ ፊደል አድርጌ ብሞክራት ቃል አልሰጥ አለችኝ። ስለዚህ «ኡ» ናት አልኩ፣ ጭራዋን እጥፋቱ ውጦታል። ቀጥሎ ሦስት ዘንግ። ከሥሩ ቀጭን ጥቁር መስመር ይታያል። «ሽ» አልኩ፣ መስመሯ ይኸው። ከዚያ «የ»። መጨረሻ ላይ አንድ ዘንግና ጎበጥ ያለ ነገር። «ል»። ኡሾል። «ሄደ» ማለት ነው። ሩሲያኛ ላይ ይህ «የ» ነጥብ ተደርጎበት «ዮ» ይሆናል፤ ብዙ ሰው ግን በእጁ ሲጽፍ ነጥቡን አያደርግም፣ ስለዚህ ነጥብ አለመኖሩ አላሳሰበኝም።

ልጃችን በጸደይ ሄደ። አሁን ከአያቱ ጎን ነው። እንዴት እንደገጠመ አያችሁ? ልጁ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ጎረምሳ ነው፣ ከእናቱ ቤት ወጥቶ አያቱ ዘንድ ሄዷል። እኔም «አሁን ከአያቱ ጋር ይኖራል» ብዬ ተረጎምኩት። «ይኖራል» የሚል ቃል ደብዳቤው ላይ የለም። ሩሲያኛ እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ግስ አያስፈልገውም። ግሱን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ልጅቷ አለቀሰች፣ ከደስታ። እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ለወንድሟ ደብዳቤ እንድጽፍላት ለመነችኝ። ጻፍኩ። ከአያትህ ጋር እንደምትኖር ሰማሁ፣ እኔ እህትህ ነኝ፣ ብዬ። በገዛ እጄ፣ ቮሮኔዥ በተማርኩት ጽሑፍ።

ከአራት ወር በኋላ መልስ መጣ። የጻፈችው እናቱ ናት። እኔ ነኝ ያነበብኩላት። «ለአባትሽ ያኔውኑ ጽፌለት ነበር። ልጄ ሞቷል። ለምን ለእሱ ትጽፊለታለሽ?» ይላል።

ልጅቷ ምንም አላለችኝም። በሳምንቱ ደሴ ሄዳ ዋናውን ወረቀት ይዛ መጣች። ጠረጴዛዬ ላይ አድርጌ እጥፋቱን በጣቴ ዘረጋሁት። ጭራዋ ብቅ አለች። የመጨረሻዋ ፊደል «ል» አልነበረችም። «ር» ናት፤ ጭራዋ ከመስመሩ በታች ረዝሞ ይወርዳል። ፎቶው ላይ እጥፋቱ ጭራዋን ሲውጠው የቀረችው ጎባጣዋ ብቻ ነው። ከሦስቱ ዘንጎች ሥር ያየሁት ጥቁር መስመር ደግሞ ቀለም አይደለም። የእጥፋቱ ጥላ ነው። ጥላው ሲነሳ «ሽ» ያልኳት «ም» ሆነች። ኡሜር። «ሞተ»።

ከአያቱ ጎን የተባለው መቃብሩ ነው።

እስከ ዛሬ የማስበው ፎቶው መጥፎ መሆኑን አይደለም። መልሱ እዚያው ፎቶ ላይ ነበር። ሦስት ቦታ ላይ ነበር። አንደኛ፣ ጥላው ከቃሉ አልፎ «በጸደይ» ከሚለው ሥርም ይቀጥላል። በብዕር የተሰመረ ቢሆን ፊደሏ ስታልቅ ያልቅ ነበር። እኔ ግን ቃሉን ብቻ አጉልቼ ሌላውን ከስክሪኑ አስወጥቼዋለሁ። ሁለተኛ፣ «የኛ» የሚለው የሩሲያኛ ቃል መጨረሻው «ሽ» ነው፣ እሱም እዚያው፣ አንድ መስመር ከፍ ብሎ አለ። ከሥሩ ምንም አልተሰመረም። በሁለቱም ገጽ ሴትየዋ ከ«ሽ» ሥር አስምራ አታውቅም። ሦስተኛው የባሰው ነው። ለ«ኡ» የተቆረጠ ጭራዋን በሐሳቤ መልሼላታለሁ። እጥፋቱ ጭራ እንደሚውጥ አውቄያለሁ ማለት ነው። እዚያው ቃል መጨረሻ ላይ ያለችው ፊደልስ? እሷም ጭራ ይኖራት እንደሆነ አልጠየቅኩም።

ሌላም አለ። ኡሾል ራሱ ለሞተ ሰው ይባላል፣ እኛ «አለፈ» እንደምንለው። ይህን አውቅ ነበር። ስለዚህ በተሳሳተ ንባቤ ውስጥ እንኳ እውነቱ የሚገባበት በር ክፍት ነበር። ደስ የሚለውን መረጥኩ። ልጅቷ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ነበርና።

እንግዲህ ለጠያቂዬ የምለው ይኼ ነው። ቃሉ ያልገጠመ ቢሆን ኖሮ እቆም ነበር። ስቶ ሐሳቡን የሚያበላሽ ንባብ ራሱን ያጋልጣል። ስቶ ሐሳቡን የሚያሳምር ግን ዝም ብሎ ያልፋል። ስለዚህ ከሐሳብ ተነስታችሁ ፊደል አትሙሉ። እርግጥ ነው፣ እኔም «ኡ»ን ያገኘሁት ሌላው ቃል ስላልሰጠኝ ነው፣ ያለ ግምት የእጅ ጽሑፍ ያነበበ ሰው አላውቅም። ግምቱ ግን ይታይ። ከዚያ ወዲህ ሳልገለብጥ አልተረጉምም። መጀመሪያ ደብዳቤውን በሩሲያኛው እንዳለ፣ መስመር በመስመር፣ ጸሐፊው መስመር የሰበረበት ቦታ ሰብሬ እገለብጣለሁ። ያልተረጋገጠች ፊደል ቅንፍ ውስጥ ትገባለች። ያልተነበበ ቃል ስንት ዘንግ እንዳለው እጽፋለሁ፣ ሊሆኑ የሚችሉትን ሁሉ ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። ከዚያ ያቺን ፊደል እዚያው ደብዳቤ ውስጥ፣ የማያጠራጥር ቃል ላይ እፈልጋታለሁ። የሌላ ሰው «ም» አይረዳኝም። የዚች ሴትዮ «ም» እንዴት እንደሚጀምር ነው ማየት ያለብኝ። የ«ም» የመጀመሪያ ዘንግ ከታች በትንሽ መንጠቆ ይነሳል። «ሽ» ግን ከላይ ትጀምርና ዘንጎቿ ከታች ክብ ሆነው ይያያዛሉ። ጥላ ሲያርፍበት የሚጠፋው ይኸው የታችኛው ክፍል ነው።

ፎቶው ካልረዳ ደግሞ ሌላ ፎቶ ጠይቁ። ማፈር የለም። እኔ አፍሬ ነው ያልጠየቅኩት፣ ደሴ ሩቅ መስሎኝ። ወረቀቱ ይዘርጋ፣ ፍላሽ ይጥፋ፣ ብርሃኑ ከመስኮት በጎን ይምጣ። ከዚያ ወረቀቱን አዙረው ብርሃኑ ከሌላው ጎን ሲመጣ እንደገና ያንሱት። ጥላ ቦታውን ይቀይራል፣ ቀለም ግን ቦታውን አይቀይርም። ቴሌግራም ላይ ሲልኩ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይሁን፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቅና ቀጫጭኑ ማያያዣ መስመር ቀድሞ ይደበዝዛል። ይህን የነገረችኝ የልጅ ልጄ ናት። ቅድም ስለ እናንተ ያልኩትን በዚህ አስተካክሉልኝ።

ልጅቷና የወንድሟ እናት አሁንም ይጻጻፋሉ። እኔ እተረጉማለሁ። ደብዳቤዎቹ በዋናው ወረቀት ካልመጡ አልቀበልም።

አንተ የላክህልኝን ፎቶ አይቼዋለሁ። ሦስተኛው መስመር ላይ ያለው ያ ቃል አምስት ዘንግ አለው፣ አንተ እንዳልከው ስድስት አይደለም። የመጨረሻው በጀርባው ካለው ጽሑፍ የሰረገ ቀለም ይመስለኛል። የጀርባውን ገጽ አንስተው እንዲልኩልህ ንገራቸው። ሲመጣ ላክልኝና አብረን እናየዋለን።