ቪፒኤን ሲበራ የባንክ አፕ እምቢ ሲል

ጥያቄ፦ «አንድ ድረ ገጽ አልከፈት ስላለኝ በአንድሮይድ ስልኬ ላይ ቪፒኤን ጫንኩ። ገጹ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ግን የባንኬ አፕ አላስገባ አለኝ፣ ፊልም የማይበት ገጽም ‹ቪፒኤን አጥፋ› ይለኛል። ሳጠፋው ደግሞ ጭራሽ ኢንተርኔት የለም። ምን ይሻለኛል?»

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ተደራርበውብዎታል፤ ለየብቻ እንያቸው።

ቪፒኤኑ ሲበራ ባንኩ የሚያየው የእርስዎን አይፒ አድራሻ ሳይሆን የቪፒኤኑን ሰርቨር አድራሻ ነው። በዚያ አድራሻ ብዙ የማይተዋወቁ ሰዎች ይጠቀማሉ። አንዱ የሰው አካውንት ሊሰብር ሞክሮበት ከነበረ ጥርጣሬው ለእርስዎም ይተርፋል። ከዚህም ሌላ፣ ትናንት ከአገርዎ የገባ ደንበኛ ዛሬ ድንገት ከሌላ አገር ሲገባ ባንኩ ሌባ ነው ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። የፊልሙ ገጽ ደግሞ የማሳየት መብት የሚገዛው በየአገሩ ስለሆነ፣ የቪፒኤን መሆኑን ያወቀውን አድራሻ ይዘጋል። ስለዚህ የባንኩን አፕ አጥፍቶ እንደገና መጫን ልፋት ብቻ ነው።

በቪፒኤኑ አፕ ሴቲንግ ውስጥ Split tunneling የሚል ካለ ይክፈቱት። የትኛው አፕ በቪፒኤኑ በኩል፣ የትኛው በቀጥታ እንደሚሄድ የሚወስኑት እዚያ ነው። እኔ የምመርጠው ለቪፒኤን አንድ ብሮውዘር ብቻ መመደብ ነው፤ ለምሳሌ ፋየርፎክስን። ያንን የተዘጋ ገጽ በፋየርፎክስ፣ ፊልሙን በክሮም ይክፈቱ፤ የባንኩ አፕም በቀጥታ ይሂድ። አንድ ብሮውዘር እንደ አንድ አፕ ስለሚቆጠር ሁለቱን ገጾች እዚያው በተለያየ ታብ መክፈት አይጠቅምም። ከመረጡ በኋላ ቪፒኤኑን አጥፍተው ያብሩት።

አሁን ወደ ሁለተኛው። በስልኩ ሴቲንግ የቪፒኤን ገጽ ላይ፣ ከቪፒኤኑ ስም ጎን ያለችውን፣ ጥርስ ያለው ጎማ የምትመስለውን የሴቲንግ ምልክት ይንኩ። Block connections without VPN የሚለው በርቶ ይሆናል ብዬ እገምታለሁ። እሱ ሲበራ ቪፒኤን ከሌለ ኢንተርኔት የለም። በቀጥታ ይሂዱ ያሏቸው አፖችም አብረው ይታፈናሉ፤ ብዙ ሰው Split tunneling አልሠራም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ያጥፉት። ዋጋ ግን አለው፦ ቪፒኤኑ በመሃል ሲቋረጥ የፋየርፎክሱ ግንኙነት ያለ ሽፋን ሊወጣ ይችላል። ያ ለደህንነትዎ የሚያሰጋ ከሆነ እንደበራ ይተዉትና የባንክ ጉዳይዎን በሌላ ስልክ ይጨርሱ።

ለማረጋገጥ፣ አይፒ አድራሻ የሚያሳይ አንድ ገጽ በሁለቱም ብሮውዘር ይክፈቱ። ቁጥሩ ከተለያየ ተሳክቷል። አንድ ዓይነት ከሆነ ምርጫው አልተቀመጠም ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ባንኩ አሁንም እምቢ ካለ፣ አንዳንድ የባንክ አፖች ስልኩ ላይ ቪፒኤን መብራቱን ብቻ አይተው ይዘጋሉ። ለእነሱ ማጥፋት ግድ ነው፤ አፑን ሙሉ በሙሉ ዘግተው፣ ቪፒኤኑን አጥፍተው፣ ከዚያ ይክፈቱ። አካውንቱ ታግዷል ካለዎት የይለፍ ቃል ደጋግመው አይሞክሩ። በቀጥታ ለባንኩ ደውለው ያስከፍቱ።